ለሚያረፍድ ሠራተኛ የሚጻፍ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

ጥያቄ፦ «ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ነኝ። መግቢያችን 2:00 ሰዓት ነው። ደረሰኝ የምትቆርጠው ሠራተኛችን ካዛንቺስ ትኖር በነበረ ጊዜ አርፍዳ አታውቅም። ወደ ገላን ጉራ ከተዛወረች በኋላ ግን እየባሰባት መጥቶ በዚህ ኅዳር ብቻ ስድስት ቀን አረፈደች፤ ኅዳር 1፣ 4፣ 8፣ 11፣ 15 እና 18። ከ15 እስከ 40 ደቂቃ ነው። ኅዳር 11 ላይ እንኳ ጠዋት ደውላልኝ እሺ ብያታለሁ። ሁለት ጊዜ በቃል ነግሬያታለሁ፤ ‹ትራንስፖርት ነው› ትላለች። ሥራ አስኪያጁ ‹ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጻፊላት፣ ከደመወዟም ይቆረጥ› ብለውኛል። ጎበዝ ናት፣ ላጣት አልፈልግም፤ ግን ሌሎቹም እያዩ ነው። ምን ብዬ ልጻፍላት?»

ምላሽ፦

ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት የላኩልኝን ቀናት ከቀን መቁጠሪያ ጋር ያስተያዩአቸው። ኅዳር 1፣ 8 እና 15 ሰኞ ናቸው፤ ኅዳር 4፣ 11 እና 18 ደግሞ ሐሙስ ናቸው። ስድስቱም ቀን ከእነዚህ ከሁለቱ ቀናት አልወጣም። ከገላን ጉራ ፒያሳ ድረስ በጠዋት መምጣት ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን የታክሲው ሰልፍ ማክሰኞና ረቡዕም አለ፣ በእነዚያ ቀናት ግን በሰዓቷ ገብታለች። ስለዚህ «ትራንስፖርት ነው» ያለችው ሐሰት ባይሆንም ሙሉው ምክንያት አይመስለኝም፤ ሰኞና ሐሙስን ከሌሎቹ ቀናት የሚለይ አንድ ነገር በቤቷ አለ። ያንን ነገር ሳያውቁ የሚጽፉት ደብዳቤ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ የሚመታው ሌላ ቦታ ነው።

ይህን የምለው እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ ተሳስቼ ስለማውቅ ነው። በሰው ሀብት ሥራ ላይ ብዙም ባልቆየሁበት ዘመን፣ ዘወትር ረቡዕና ቅዳሜ የሚያረፍድ የመጋዘን ሠራተኛ ነበረን። እኔም የቀናቱን ተራ ልብ ሳልል «በተደጋጋሚ የሥራ ሰዓት ባለማክበርዎ» የሚል ደብዳቤ ጽፌ ሰጠሁት፤ ፈርሞ ተቀበለና በቀጣዩ ረቡዕ እንደገና አረፈደ። ኋላ ስንነጋገር ሰፈሩ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ እንደሆነና ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ጀሪካን ሲሞላ እንደሚያድር ነገረኝ። «ለምን አልነገርከኝም?» ብለው «ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። መግቢያውን በእነዚያ ሁለት ቀናት ግማሽ ሰዓት አዘግይተን መውጫውንም በዚያው ልክ ስናራዝምለት ማርፈዱ ቆመ። ደብዳቤዬ ግን በማኅደሩ ውስጥ ቀረ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ንግግር ነው፤ ይህም እስካሁን በቃል ከነገሯት የተለየ መሆን አለበት። ጠዋት በር ላይ አርፍዳ ስትገባ፣ ደንበኛ ቆሞ እያለ የሚደረግ ንግግር ንግግር አይባልም፤ ያ ተግሣጽ ነው። ማክሰኞ ኅዳር 23 ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲቀዛቀዝ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ያስቀምጧትና ቀናቱን በወረቀት ያሳይዋት። «ሰኞና ሐሙስ ብቻ መሆኑን አየሁ፤ በእነዚህ ቀናት የሚለይብሽ ነገር አለ?» ብለው ጠይቀው ዝም ይበሉ። ምናልባት ባልዋ በእነዚያ ሌሊቶች ፈረቃ ስላለበት ልጁን ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ትሆናለች፤ ምናልባት የታመመ ሰው ታስታምማለች፤ ምናልባትም ልትነግርዎ የማትፈልገው ጉዳይ ይሆናል። የመጨረሻው ከሆነ አያስጨንቋት። «ምክንያቱን ባትነግሪኝም ምን ቢደረግልሽ በሰዓቱ ትገቢያለሽ?» ማለት ይበቃል። ነፍሰ ጡር ከሆነችና ቀናቱ ከሐኪም ክትትል ጋር የተያያዙ ከሆኑ ግን ነገሩ ከነጭራሹ ይለወጣል፤ የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ለእርግዝና ምርመራ የምትወጣበት ጊዜ በሕግ ከነደመወዙ የሚሰጣት ፈቃድ ነውና ማርፈድ ተብሎ አይቆጠርም።

በዚያው ቀን የመግቢያ መዝገቡንም ያጣሩ። የምትገቡት በፊርማ ከሆነ ሰዓቱን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ይወቁ፤ ሠራተኛው ራሱ ይጽፈዋል ወይስ የጥበቃ ሠራተኛው? በጣት አሻራ ከሆነ ደግሞ የመሣሪያውን ሰዓት ከስልክዎ ጋር ያስተያዩ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱን የሚያዛባ መሣሪያ አይቻለሁ፤ 6 ደቂቃ የሚቀድም መሣሪያ በሰዓቱ የገባችውን «2:06» አድርጎ ይመዘግባታል። የእርስዎ ሠራተኛ ትንሹ ማርፈድ 15 ደቂቃ ስለሆነ ይህ ስሌቱን ባይለውጠውም፣ ከሁለት ወር በኋላ «መሣሪያው ራሱ ልክ አልነበረም» የሚል ክርክር ከመምጣቱ በፊት መልሱን ማወቅ ይሻላል። ከዚያ የሌሎቹንም ሠራተኞች የኅዳር መዝገብ ይመልከቱ። ከእሷ ሌላ አምስትና ስድስት ቀን ያረፈደ ሰው ካለና ለእሱ ምንም ካልተጻፈ፣ ለእሷ ብቻ የሚጻፈው ደብዳቤ ፍትሐዊ አይደለም፤ እሷም ይህን ከእርስዎ ቀድማ ታውቀዋለች።

ኅዳር 11ን ከቁጥሩ ያውጡት። ደውላ ነግራዎታለች፣ እርስዎም እሺ ብለዋል፤ የፈቀዱትን ቀን መልሶ እንደ ጥፋት መቁጠር ሌሎቹን አምስት ቀናትም ያስጠረጥራል። አምስት በማያከራክር መዝገብ የቆሙ ቀናት፣ አንዱ ከሚያወዛግብባቸው ስድስት ቀናት ይበልጣሉ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ምክንያቱም ሥራ አስኪያጁ «ጠንከር ያለ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ በዚህ ይለያል። የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ በአንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ከሥራ ለማሰናበት ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው፣ ሠራተኛው ስለዚሁ ጥፋት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ለስምንት ጊዜ ሲያረፍድ ነው፤ ያውም የማርፈዱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ካልሆነ ነው። ሠራተኛዎ ገና እዚያ አካባቢም የለችም፤ አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልደረሳትም። ይህ ማለት የቃል ማሳሰቢያዎ ለግንኙነታችሁ ይጠቅማል እንጂ በሕጉ ዓይን ቁጥሩን አያስጀምርም ማለት ነው። ቁጥሩ ከደብዳቤው በፊት ያሉትን ቀናት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚል ክርክር ውስጥ መግባት ካልፈለጉ፣ ደብዳቤው በእጇ ከደረሰበት ማግስት ጀምረው ይቁጠሩ። እኔ ዘወትር የምመክረው ይህንን ነው፤ ለሠራተኛውም ግልጽ ነው፣ ችሎት ፊትም አያሳፍርም።

ከዚህ የሚከተል አንድ የአሠራር ስሕተት አለ፤ ብዙ ኃላፊዎች የሚወድቁበት ነው። ነገሩን ለማለዘብ ብለው ደብዳቤውን «ማሳሰቢያ» ወይም «ምክር» ብለው ይሰይሙታል፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ያንኑ ወረቀት አውጥተው «አስጠንቅቀናት ነበር» ይላሉ። ይህ ማታለል ነው፤ ሠራተኛዋ ምክር መስሏት የተቀበለችው ወረቀት በስተጀርባዋ ስሙን ቀይሮ ይጠብቃታል። ማስጠንቀቂያ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ይበሉት። ርኅራኄዎ ያለው በስያሜው ውስጥ ሳይሆን፣ ቀጥሎ በሚጽፉት የድጋፍ አንቀጽ ውስጥ ነው።

የደመወዙን ነገር ከደብዳቤው ያውጡት። በአዋጁ አንቀጽ 59 መሠረት አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲፈቀድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ስለ ማርፈድ ቅጣት የሚል ነገር በሥራ ደንባችሁ ከሌለ፣ «ይቆረጥ» የሚለው ትእዛዝ ከእሷ ጥፋት ይልቅ የድርጅቱን ጥፋት ያሳያል። ሥራ አስኪያጁን «አንቀጹ ይከለክላል» ከማለት ይልቅ «በደንባችን ላይ የት እንዳለ ያሳዩኝና ልጥቀሰው» ብለው ይጠይቋቸው፤ ከእኔ ልምድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ይቆማል።

በንግግሩ ጊዜ የነገረችዎ ምክንያት የልጅ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው እንበል፤ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ልጁን የሚያደርስላት የለም። ታዲያ ምን ድጋፍ መስጠት ይቻላል? የእናንተ ሥራ ከ2:00 እስከ 11:00፣ ከ6:00 እስከ 7:00 ምሳ ከሆነ፣ በሁለቱ ቀናት ከ2:30 እስከ 11:30 ብትሠራ ስምንት ሰዓቷ አይጎድልም። ችግሩ ያለው መስኮቱ ላይ ነው። ደረሰኝ ቆራጭ ሳይኖር ገንዘብ ያዧ ገንዘብ መቀበል አትችልም፤ ገንዘብ ያልተቀበለችበትን ዕቃ ደግሞ መጋዘኑ አያወጣም፤ ስለዚህ 2:00 ላይ የአንድ ሰው አለመገኘት ሦስት ሰው ያስቆማል። በእነዚያ ሠላሳ ደቂቃዎች ደረሰኝ የሚቆርጥ ሌላ ሰው አስቀድሞ ተጠይቆ እሺ ማለት አለበት፤ ይህ ሰው በለውጡ ከእሷ ጋር የምሳ ሰዓት ወይም የቅዳሜ ተራ ሊለዋወጥ ይችላል። ሳይጠየቅ የተጫነበት እንደሆነ ግን «እሷ አርፍዳ የእኔ ሥራ በዛ» የሚል አዲስ ቅሬታ ፈጠሩ ማለት ነው። ደግሞም የደረሰኙ ጥራዝ በማን ስም እንደወጣ አይዘንጉ፤ በሁለቱ ቀናት የሚተካው ሰው የራሱን ጥራዝ ይያዝ እንጂ በእሷ ጥራዝ አይቁረጥ፤ የሒሳብ ጉድለት ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ አይታወቅምና።

ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። «እስኪስተካከልልሽ ድረስ» የተባለ ፈቃድ ለሁለታችሁም አይበጅም፤ እሷ መብት መስሏት ትኖርበታለች፣ እርስዎ ደግሞ አንድ ቀን ሲሰለችዎ ድንገት ይነሱባታል። ሁለት ወር ገደማ፣ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ለማግኘት ወይም ከጎረቤት ጋር ለመነጋገር የሚበቃ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤው ይህን ይመስላል። ሰዓቶቹን እንደ አብነት ያስገባኋቸው ስለሆነ ከመዝገባችሁ አውጥተው ይተኩአቸው።

ቁጥር፦ ________
ቀን፦ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ________
የሽያጭ ክፍል ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ የሥራ መግቢያ ሰዓትን አለማክበርን በተመለከተ የተሰጠ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

በሥራ ውልዎ ላይ እንደተመለከተው የሥራ መግቢያ ሰዓትዎ ጠዋት 2:00 ሰዓት ነው። ሆኖም ከድርጅቱ የመግቢያ መዝገብ ለመረዳት እንደተቻለው ኅዳር 1 ቀን በ2:20፣ ኅዳር 4 ቀን በ2:15፣ ኅዳር 8 ቀን በ2:40፣ ኅዳር 15 ቀን በ2:25 እንዲሁም ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በ2:30 ሰዓት ወደ ሥራ ገብተዋል። ኅዳር 11 ቀን አስቀድመው አሳውቀው የተፈቀደልዎ በመሆኑ በዚህ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አልተካተተም። በተጠቀሱት ቀናት የደረሰኝ መስኮቱ በሰዓቱ ባለመከፈቱ ደንበኞች እንዲጠብቁ፣ የገንዘብ ያዥዋና የመጋዘኑ ሥራም እንዲዘገይ ሆኗል።

ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በነበረን ውይይት የማርፈድዎ ምክንያት በሳምንቱ ሁለት ቀናት ከሚያጋጥምዎ የቤተሰብ ኃላፊነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጸውልናል። ድርጅቱ ምክንያትዎን ተረድቶ፣ ከኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ሰኞና ሐሙስ የሥራ ሰዓትዎ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ማታ 11:30 ሰዓት እንዲሆን ፈቅዷል። በዚህም ምክንያት በደመወዝዎም ሆነ በዓመት ፈቃድዎ ላይ የሚደረግ ቅናሽ የለም። በእነዚሁ ቀናት ከ2:00 እስከ 2:30 ሰዓት ባለው ጊዜ የደረሰኝ ሥራው በሌላ ሠራተኛ ይሸፈናል።

ከእርስዎ የሚጠበቀው በሌሎቹ የሥራ ቀናት ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት፣ ሰኞና ሐሙስ ደግሞ ከ2:30 ሰዓት ጀምሮ በሥራ ቦታዎ ተገኝተው ሥራ መጀመር ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ገጥሞዎት የሚዘገዩ ከሆነ ጠዋት ከ1:30 ሰዓት በፊት ለክፍሉ ኃላፊ በስልክ ያሳውቃሉ። የዚህን የሰዓት ማስተካከያ አፈጻጸም ታኅሣሥ 14 ቀን እና ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. በጋራ እንገመግማለን።

ከዚህ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት የመግቢያ ሰዓትዎን ሳያከብሩ ቢቀሩ በድርጅቱ የሥራ ደንብና በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቀጣዩ የዲሲፕሊን እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እየገለጽን፣ በዚህ ደብዳቤ ይዘት ላይ አስተያየት ወይም ቅሬታ ካለዎት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ቢያቀርቡ ከማኅደርዎ ጋር የሚያያዝ መሆኑን እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ እና ማኅተም)

ደብዳቤው ደርሶኛል፦ ስም ________ ፊርማ ________ ቀን ________

በደብዳቤው ውስጥ ሆን ብዬ ያደረግኋቸውን ጥቂት ነገሮች ልጠቁም። «በተደጋጋሚ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ለሥራዎ ደንታ የሌለዎት በመሆኑ» የሚሉት ሐረጎች የትም አልገቡም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁጥር የሚተካቸው ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ፍርድ ነው፤ በእርስዎ ሠራተኛ ላይ ደግሞ ሐሰት ነው፤ ካዛንቺስ ሳለች አርፍዳ እንደማታውቅ ራስዎ ነግረውኛል። «የቤተሰብ ኃላፊነት» ብዬ ያለፍኩት ልጁን፣ ባሏንና ፈረቃውን ላለማንሳት ነው። ማኅደሯን ነገ የሚከፍተው ሌላ የሥራ መሪ፣ ኦዲተር ወይም ጠበቃ ሊሆን ይችላል፤ የቤቷን ነገር ሁሉ ማንበብ የለበትም። የጉዳቱ አንቀጽም አጭር የሆነው ለዚሁ ነው፤ ሦስት ሰው መቆሙ በራሱ ይናገራል፣ «የድርጅቱን መልካም ስም አጉድፈዋል» ማለት ሲጨመርበት ይጎድላል።

የሥራ ሰዓት ሲባል «ግቢ ውስጥ መግባት» ነው ወይስ «ሥራ መጀመር» የሚለው ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። 2:00 ላይ ፈርማ ገብታ ሻይ ይዛ 2:15 መስኮቱን የምትከፍት ሠራተኛ አርፍዳለች አላረፈደችም? በደብዳቤው «በሥራ ቦታዎ ተገኝተው ሥራ መጀመር» ያልኩት ይህንን ለመዝጋት ነው። ይሁን እንጂ ይህንኑ መለኪያ ለሌሎቹም የማትጠቀሙበት ከሆነ ዐረፍተ ነገሩን ያለዝቡት። ስልክ መደወሏ ደግሞ ማሳወቅ እንጂ ፈቃድ ማግኘት አለመሆኑን በቃል ያስረዷት፤ አለዚያ በኅዳር 11 የሆነው ልማድ ሆኖ ይቀጥላል።

ግልባጩን በተመለከተ፣ በአገራችን የደብዳቤ ባህል ግልባጭ መብዛቱ ክብደት ይመስለናል። ለሰው ሀብት ክፍልና ለግል ማኅደሯ ብቻ ያድርጉት። ለገንዘብ ያዧ፣ ለመጋዘኑ፣ ለሽያጭ ክፍሉ በሙሉ የተመራ ማስጠንቀቂያ ከማስተማር ይልቅ ያዋርዳል። «ሌሎቹም እያዩ ነው» ላሉት ደግሞ መልሱ ደብዳቤውን ማሳየት አይደለም። ለሁሉም በአንድነት «ወ/ሮ እገሊት ሰኞና ሐሙስ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ 2:30 ትገባለች፣ 11:30 ትወጣለች፤ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ቀርቦ ሊያነጋግረኝ ይችላል» ብለው ይንገሯቸው። ምክንያቱን አይጨምሩ። ከመካከላቸው አንዱ በማግስቱ ከመጣብዎ ደግሞ ለእሷ የሰጡትን ጆሮ ለእሱም መስጠት ግድ ይሆናል፤ ሥራ አስኪያጁ ይህንን አስቀድመው ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ሲሰጧት ከሥራ መውጫ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለው፣ ደብዳቤውን ለጸሐፊ ሳይተዉ፣ ራስዎ ይስጧት። አብረው አንብቡት። ፊርማዋ መቀበሏን እንጂ በጥፋቱ መስማማቷን እንደማያሳይ ይንገሯት፤ ብዙ ሠራተኛ አልፈርምም የሚለው ይህንን የሚነግረው ስለሌለ ነው። እምቢ ካለች አይጨቃጨቁ፤ በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች «ደብዳቤው ኅዳር 25 ቀን ቀርቦላቸው ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆኑም» ብለው ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይፈርሙበት፤ አንዱን ቅጂ ለእሷ ይተዉላት። የደብዳቤው ቁጥር በወጪ መዝገብ ላይ መስፈሩንም ያረጋግጡ፤ ቁጥር የሌለው ማስጠንቀቂያ ኋላ የተፈበረከ ይመስላል።

በታኅሣሥ 14ቱ ውይይት ሦስት ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። ሰኞና ሐሙስ በ2:30 ከገባችና ሌሎቹ ቀናትም ከተጠበቁ፣ የሰዓት ማስተካከያው ሠርቷል። አንድ ማክሰኞ 2:10 ገብታ ከሆነ መዝግበው ጠይቀው ይለፉት፤ እንደዚህ ላለ ነገር ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ የመጀመሪያውን ያረክሰዋል። ሰኞና ሐሙስ 2:30 ሆኖላት 2:50 የምትገባ ከሆነ ግን ችግሩ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ አልነበረም ማለት ነውና፣ ማስተካከያውን ከማራዘም ይልቅ ሁለተኛውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በአዲሶቹ ቀናት ብቻ ይጻፉ፤ በኅዳር የተቀጣችባቸውን አምስት ቀናት ዳግም አይዘርዝሩ። ነገሩ ገፍቶ ወደ ማሰናበት የሚያመራ ቢሆን፣ አሠሪው ለማሰናበት የሚያበቃውን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱን ያጣል፤ ውሳኔውም ምክንያቱንና ቀኑን ገልጾ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። እዚያ ከመድረስዎ በፊት የሥራ ክርክር የሚይዝ ጠበቃ መዝገቡን ይይልዎት።

ጥር 26 ላይ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ከተገኘ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራል፤ አብዛኛው ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የሰዓት ማስተካከያው ጥር 30 እንደሚያበቃና ከየካቲት 1 ጀምሮ መግቢያዋ በሁሉም ቀን 2:00 እንደሆነ፣ ከኅዳር 29 ወዲህም ሰዓቷን ማክበሯን የሚገልጽ የሦስት መስመር ደብዳቤ ይጻፉላትና ቅጂውን ከማስጠንቀቂያው ኋላ እዚያው ማኅደር ውስጥ ያያይዙት።